የቲ ቅርጽ ቢም፦ ሁለት ጣውላዎችን አንድ የሚያደርጋቸው ኃይል

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኘው አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች በእንጨት ጀልባዎቻቸው ያመጡትን ዓሣ ወደ ዳርቻው ያወርዳሉ። በዚህ ስፍራ ከዳርቻው እስከ ጀልባው የሚያደርስ ጠባብ መረማመጃ ልንሠራ ነው እንበል። በእጃችን ያሉት ወርዳቸው 20 ሳ.ሜ.፣ ውፍረታቸው 5 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ናቸው። አንዱን በጠርዙ አቁመን ሌላውን በላዩ ላይ አግድም ብንቸነክረው የቲ ቅርጽ ያለው ቢም እናገኛለን። አግድሙን ክንፍ፣ የቆመውን ደግሞ ግንድ ብለን እንጥራቸው። ቢሙ እንዳይገለበጥ ሁለቱ ጫፎቹ በሚገባ ተደግፈዋል። ጥያቄያችን ምስማሮቹ በምን ያህል ርቀት ይመቱ የሚል ነው።

በመጀመሪያ የምስማሩን ሥራ እንረዳ። ወፍራም መጽሐፍ ሲታጠፍ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ያልተቸነከሩት ጣውላዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሲጎብጡ የላይኛው ታችኛ ገጽ ይለጠጣል፣ የታችኛው ላይኛ ገጽ ግን ያጥራል። በዚህ ሁኔታ የሁለቱ የኢነርሺያ ሞመንት ድምር 3,542 ሳ.ሜ⁴ ብቻ ነው። መንሸራተቱ ፈጽሞ ከተከለከለ ግን 11,354 ሳ.ሜ⁴ ይደርሳል። እንግዲህ ያው እንጨት ከሦስት እጥፍ በላይ ጎባጭነትን የሚቋቋመው በመጋጠሚያው ምክንያት ነው።

መጋጠሚያው የሚሸከመው ኃይል ከወዴት ይመጣል? የቢሙን አንድ አጭር ቁራጭ እናስብ። የማጉበጥ ሞመንቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ክንፉን ከአንድ ወገን የሚገፋው ኃይል ከሌላው ወገን ከሚገፋው ይበልጣል። ልዩነቱን ተቀብሎ ክንፉን በቦታው የሚያቆየው መጋጠሚያው ብቻ ነው። ሩሲያዊው መሐንዲስ ዲሚትሪ ዙራቭስኪ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በሴንት ፒተርስበርግና በሞስኮ መካከል በተዘረጋው የባቡር መስመር የእንጨት ድልድዮች ሲሠራ ይህን ኃይል የሚያሰላ ዘዴ አገኘ፦

q = VQ/I

እዚህ ላይ q የሺር ፍሰት ማለትም በእያንዳንዱ የርዝመት መለኪያ ላይ የሚያርፈው አንሸራታች ኃይል፣ V የሺር ኃይል፣ I የኢነርሺያ ሞመንት ነው። Q ደግሞ የክንፉ ስፋት ከገለልተኛው ዘንግ ባለው ርቀት ተባዝቶ የሚገኝ ነው። በእኛ ቢም ገለልተኛው ዘንግ ከታች 16.25 ሳ.ሜ. ላይ ይውላል፤ የክንፉ መሃል ከዚያ 6.25 ሳ.ሜ. ይርቃል። ስለዚህ Q = 20 × 5 × 6.25 = 625 ሳ.ሜ³ ይሆናል።

አሁን 2,000 ኒውተን የሚመዝን ሸክም ማለትም ዓሣ የያዙ ሁለት ተጠጋግተው የሚሄዱ ሰዎች ይለፉበት። ሸክሙ መሃል ሲደርስ እያንዳንዱ ድጋፍ ግማሹን ስለሚሸከም V 1,000 ኒውተን ነው። ወደ አንዱ ጫፍ ሲጠጋ ግን V ወደ 2,000 ያድጋል። ቢሙ አብዝቶ የሚጎብጠው መሃሉ ላይ ነው፤ ምስማሮቹ አብዝተው የሚጨነቁት ግን ጫፎቹ አካባቢ ነው። በዚያ ስፍራ q = 2,000 × 625 ÷ 11,354 = 110 ኒውተን በሳ.ሜ. ያህል ነው። አንድ ምስማር 800 ኒውተን በአስተማማኝ ሁኔታ ይችላል ብንል፣ ርቀቱ 800 ÷ 110፣ ማለትም ከ7 ሳ.ሜ. ብዙም አይበልጥም። መሃሉ ላይ 14 ሳ.ሜ. ይበቃል።

ውጥረቱን ለማግኘት የሺር ፍሰቱን ለወርዱ እናካፍላለን። ከግንዱ ግርጌ ዜሮ ሆኖ ይጀምርና እየጨመረ በገለልተኛው ዘንግ ላይ ከፍተኛውን 0.23 ኒውተን በሚ.ሜ² ይደርሳል፤ ከመጋጠሚያው በታች 0.22 ነው። መጋጠሚያውን እንዳለፈ ወርዱ ከ5 ወደ 20 ሳ.ሜ. ስለሚሰፋ በድንገት ወደ 0.055 ይወርዳል፤ ከዚያም በክንፉ አናት ዜሮ ይሆናል። ልብ እንበል፦ በመጋጠሚያው የዘለለው ውጥረቱ እንጂ ፍሰቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ 0.055 የሚለው ቁጥር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቀመሩ ውጥረቱ በወርዱ ሁሉ እኩል እንደሚሠራጭ ይቆጥራል። ከግንዱ ውጪ የተንጠለጠለው የክንፉ ታችኛ ገጽ ግን ምንም ስለማይነካው በዚያ ላይ ውጥረቱ ዜሮ መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ቀመሩ ለግንዱና ለመጋጠሚያው አስተማማኝ ሲሆን፣ በክንፉ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ሥርጭት አይነግረንም።

ምስማሩ ካነሰ ቢሙ ወዲያውኑ አይሰበርም። ምስማሮቹ ቀስ በቀስ ይጎብጣሉ፣ ቀዳዳቸው ይሰፋል፣ ቢሙም ወደ ሁለት ጣውላነት ይመለሳል። ይህን ለመለየት ሸክም ከማረፉ በፊት በቢሙ ጫፍ አካባቢ ክንፉንና ግንዱን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር ከጎኑ ማስመር ይበቃል። ሸክሙ ሲያርፍ መስመሩ መጋጠሚያው ላይ እንደ ደረጃ ከተሰበረ ጣውላዎቹ ተንሸራተዋል፤ 11,354 የሚለው ቁጥርም ከዚያ በኋላ ለዚያ ቢም አይሠራም።