ችግኝን ስለ ማጠንከር፤ ከሰበታ ዳስ ወደ ሱሉልታ ሜዳ

አንድ ችግኝ በዳስ ውስጥ አምሮ አድጎ፣ ገንዘብም ተከፍሎበት፣ ሜዳ ላይ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ቢጠወልግና ቢሞት ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ዘሩን ወይም አፈሩን ነው። ዳሩ ግን ዘሩም አፈሩም ደኅና ሆነው ችግኙ ሊሞት ይችላል። ይኸውም ከጥላና ከለጋ አየር ወጥቶ ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ ሲገባ በመካከል የሚያስለምደው ጊዜ ካላገኘ ነው። ይህን የማስለመድ ሥራ አትክልተኞች ችግኝን ማጠንከር ይሉታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ የወሰድነውም በሰበታ በትሪ ፈልቶ በሱሉልታ የሚተከለውን ጥቅል ጎመን ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ መውጫ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አስተዳደራቸው አንድ ይሁን እንጂ አየራቸው አንድ አይደለም። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ቡራዩና ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር ያልፋሉ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በሱሉልታ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ፣ ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከዙሪያው ተራራ ወደ ታች እየወረደ በሜዳው ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠዋት ሣሩን ነጭ የሚያደርገው ውርጭ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ የሰበታ ዳስ ያሳደገው ችግኝ ወደ ሱሉልታ ሲሄድ ቦታ ብቻ ሳይሆን አየርም ይለውጣል ማለት ነው።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ በሱሉልታ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት አለው እንበል። ጥቅል ጎመን በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 40 ሳንቲሜትር ቢተከል 16 መስመር ይወጣል። በያንዳንዱ መስመር 25 ተክል ስለሚገባ ድምሩ 400 ይሆናል። ባለ 128 ጉድጓድ ትሪ አራት ቢዘራ 512 ጉድጓድ ይገኛል። ከመቶው 15 ያህሉ ሳይበቅል ወይም ደካማ ሆኖ ቢጣል 435 ይቀራል። ስለዚህ 400ው ተተክሎ 35ቱ ለመተኪያ ይቀመጣል። ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ ለዚህ ሁሉ የሚበቃው ሁለት ግራም ገደማ ነው።

ትሪው የሚሞላው በሁለት እጅ በደንብ በበሰበሰና በተነፋ ኮምፖስት፣ በአንድ እጅ አፈርና በአንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ነው። ድብልቁ መልካም መሆኑን ለማወቅ ውሃ አርከፍክፎ በጡጫ መጨበጥ ነው። ሲጨበጥ ተያይዞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደኅና ነው። ውሃ ካንጠባጠበ ወይም እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ግን አሸዋ ይጎድለዋል። በየጉድጓዱ አንድ ዘር በአንድ ሳንቲሜትር ጥልቀት ይገባል። ትሪው በመሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ አየር እንዲገባበት በእንጨት ቆጥ ላይ ይደረጋል። በታችኛው ቀዳዳ ብቅ ያለው ሥር አየር ሲያገኘው ይደርቅና በውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ትሪው በመሬት ላይ ቢሆን ግን ሥሩ ወደ መሬቱ ይገባና በሚነሣበት ቀን ይበጠሳል።

የችግኙ ግንድ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ቀጥኖና ጠቁሮ ቢወድቅ ይህ ከመጠን ያለፈ ውሃ ያመጣው የሻጋታ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚጠጣው በጠዋት ነው፤ ማታ ቅጠሉ ደርቆ ያድር ዘንድ። ችግኙ ረዝሞና ነጣ ብሎ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል ደግሞ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማጠንከር አይመልሰውም።

ዘሩ ነሐሴ 15 ቢዘራ መስከረም 15 ሲደርስ ችግኙ 35 ቀን ይሞላዋል፤ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠልም ይኖረዋል። ማጠንከር የሚጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ማዳበሪያ መስጠት ይቀራል፤ ውሃውም ይቀነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትሪው ከዳሱ የሚወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እስከ እኩለ ቀን ይቆያል። እስከዚህ ድረስ ሥራው በሰበታ ይከናወናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን በሰበታ እንዲፈጸም አንመክርም። በሰበታ የጠነከረ ችግኝ የሰበታን ሌሊት እንጂ የሱሉልታን ሌሊት አያውቅም። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ማታ ትሪው ወደ ሱሉልታ ይወሰዳል። በመኪና ሲሄድ መሸፈን ያስፈልገዋል፤ የመንገድ ነፋስ ለጋውን ቅጠል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያደርቀው ይችላልና። በሱሉልታ ችግኙ አምስት ቀን ሳይተከል በትሪው ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር፣ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ደግሞ ውርጭ ካልተፈራ በውጭ ያድራል። የመስከረም ዝናብ የተቀነሰውን ውሃ መልሶ እንዳይሞላው ከላይ ላስቲክ ይዘረጋለታል፤ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሆናል።

በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት በችግኙ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ውሃ ሲያንስና ነፋስ ሲበዛ ቅጠሉ መስፋፋቱን ያዘገያል። በላዩ ያለው ሰም መሰል ሽፋን ይወፍራል፤ በዚህም ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል። እድገቱ ስለ ዘገየ ቅጠሉ የሠራው ስኳር በሙሉ አያልቅም፤ በከፊል በሕዋሳቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስኳር ያለበት ውሃ እንደ ንጹሕ ውሃ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ የጠነከረ ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላል። ቲማቲም ግን እንደዚህ አይደለም። ለነፋስና ለፀሐይ ይለምዳል እንጂ ውርጭን መቻል አይማርም። በሰበታ ያማረ የቲማቲም ችግኝ ምንም ያህል ቢጠነክር የሱሉልታ ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ችግኙ መድረሱን ለማወቅ ሦስት ምልክት አለ። ቅጠሉ ከለምለም አረንጓዴነት ወደ ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል አረንጓዴነት ይለወጣል። ውሃ ሲንጠባጠብበት ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል። በእጅ ሲታጠፍም እንደ ቆዳ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። በቀትር ትንሽ ቢጠወልግ አያስፈራም፤ ማታ ከተመለሰ ውሃው በልክ ነው። ማታም ካልተመለሰ በልክ ያልሆነ ጥም ነው፤ ወዲያው መጠጣት አለበት። ማጠንከርም ድንበር አለው። ከሁለት ሳምንት በላይ የተጠማ ችግኝ ግንዱ እንጨት ይሆናል፤ ቅጠሉም ሐምራዊ ይመስላል። ከተተከለ በኋላም እድገቱን ለመቀጠል ይዘገያል። እንደዚሁም ግንዱ ከእርሳስ እስኪወፍር በትሪ የቆየ ጎመን ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለብዙ ሳምንት ካገኘው ሳይጠቀለል ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ ችግኝ በብርድ ብቻ አይጠነክርም፤ ዋናዎቹ መሣሪያዎች የውሃ መቀነስና ነፋስ ናቸው።

የሚተከልበት ቀን መስከረም 24 ይሆናል። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ችግኙ የሚተከለው ከፍ ባለ መደብ ላይ ነው። ከዋዜማው ማታ ትሪው በሚገባ ይጠጣል፤ እርጥብ አፈር ከጉድጓዱ ሳይፈርስ ከነሥሩ ይወጣልና። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ችግኙ ገና ሌሊቱን አርፎ ነው ፀሐይን የሚያገኘው። ትሪው ከሥር በጣት ተገፍቶ ችግኙ በቅጠሉ ተይዞ ይወጣል፤ ግንዱ አይጨበጥም።

በመትከል ጊዜ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ከትሪ የወጣውን ኮምፖስት ጨርሶ መሸፈን ነው። ኮምፖስቱ ጫፉ በውጭ ከቀረ እንደ ፋኖስ ክር ሆኖ እርጥበቱን ከሥሩ እየመጠጠ ለነፋስ ይሰጣል፤ ዙሪያው እርጥብ ሆኖ ሳለ ችግኙ ይደርቃል። ስለዚህ በላዩ አንድ ሳንቲሜትር ያህል የመሬቱ አፈር ይለብሳል፤ የቅጠሉ እምብርት ግን አይቀበርም። አፈሩ በእጅ ጠበቅ ከተደረገ በኋላ ለያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ውሃ ይሰጠዋል። ለ400 ችግኝ 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ያህል ይሆናል። ይህ ውሃ ሳይዘጋጅ መትከል መጀመር አይገባም።

በአምስተኛው ቀን አንዱን ችግኝ በቅጠሉ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከያዘ አዲስ ሥር ሰድዷል። ለቅቆ ከመጣ ሥሩ ገና በትሪው ቅርጽ ውስጥ ነው፤ ውሃው ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ግንዱ በአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጦ የተገኘ ችግኝ ግን የሞተው በጥም አይደለም። ይህ የቆራጭ ትል ሥራ ነው፤ ትሉም በአጠገቡ አፈሩ ሲጫር ይገኛል። ከተቀመጡት 35 አንዱ በስፍራው ይተካል።

የጥቅምት መጨረሻ ሲደርስ ይህ ጎመን በመሬቱ አንድ ወር ስለ ቆየ ቀላል ውርጭ አያስጨንቀውም። ዘግይቶ የተከለ ሰው ግን ሰማዩ የጠራበትንና ነፋስ የጠፋበትን ማታ መጠበቅ አለበት። በዚያን ማታ ችግኙን በደረቅ ሣር ቀለል አድርጎ መሸፈን፣ ጠዋትም ፀሐይ ሲሞቅ መግለጥ ይገባዋል። ውርጭ የመታው ቅጠል በመጀመሪያ ውሃ የገባበት መስሎ ይጠቁራል፤ ኋላም ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው አይንቀለው። ሦስት ወይም አራት ቀን ጠብቆ እምብርቱን ይመልከት፤ እምብርቱ አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ አልሞተም።