የቀጠሮ መያዣ መተግበሪያን አስቀድሞ በወረቀት ስለ መንደፍ

አንድ ነጋዴ ደንበኞቹ በእጅ ስልካቸው ቀጠሮ የሚይዙበትን መተግበሪያ ለማሠራት ባሰበ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ መልኩ ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋውም ከመልኩም በፊት መታወቅ የሚገባው፥ ደንበኛው ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ ቀጠሮው እስኪጸናለት ድረስ በየት በየት እንደሚያልፍ፥ መንገዱ በተዘጋበትም ጊዜ ወዴት እንደሚመለስ ነው። ይህም በወረቀትና በእርሳስ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ከተጻፈ በኋላ የተገኘ ስሕተት ግን ሥራውን ሁለተኛ ያስከፍላል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሠራተኞች ያሉትን አንድ የሴቶች ጠጕር ቤት እንውሰድ። ቤቱ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው። የሚሰጠውም አገልግሎት ሁለት ዐይነት ነው፤ ጠጕር አጥቦ መተኰስ 1 ሰዓት፥ ሹሩባ መሥራት ደግሞ 3 ሰዓት ይወስዳል።

፩ኛ፤ ስለ አነዳደፉ

አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ከአራት ሲቈረጥ፥ እያንዳንዱ ቍራጭ እንደ አንድ የስልክ ገጽ ሆኖ ያገለግላል። በአንዱ ቍራጭ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ይነደፋል። ቀለምና ጌጥ አያስፈልግም፤ ጽሑፍ የሚገባበት ቦታ በመስመር፥ የሚጫኑት ቍልፍ በሣጥን ይመለከታል። በቍልፉ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን በእውነት የሚጻፈው ቃል መሆን አለበት፤ ደንበኛዋ መንገዷን የምታውቀው በቃሉ ነውና።

ከዚህ በኋላ ገጾቹ ቍጥር ተሰጥቷቸው በጠረጴዛ ላይ በተርታ ይዘረጋሉ፤ ከየቍልፉም ወደሚያደርስበት ገጽ ቀስት ይሰመራል። መስመሩ የተሟላ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር መመልከት ይበቃል። ቀስት የማይወጣለት ቍልፍ ካለ፥ ሲጫኑት ምን እንደሚሆን ገና አልታሰበም ማለት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ በቀር ቀስት የማይገባበት ገጽ ካለ ደግሞ፥ ማንም ሊደርስበት አይችልም።

፪ኛ፤ ስለ ገጾቹ ቅደም ተከተል

የጠጕር ቤቱ የመጀመሪያ ንድፍ በመዝገብ ደብተር ልማድ የተሠራ ነው እንበል፤ በ1ኛው ገጽ ቀን፥ በ2ኛው ሰዓት፥ በ3ኛው የአገልግሎት ዐይነት፥ በ4ኛው ስምና የስልክ ቍጥር፥ በ5ኛው «ቀጠሮዎ ተይዟል» የሚል ቃል ይገኛል። ይህ ንድፍ በዐይን ሲታይ እንከን የለውም። አንዲት ደንበኛ ቅዳሜን፥ ቀጥላም ከቀኑ 10 ሰዓትን መርጣ፥ በ3ኛው ገጽ «ሹሩባ» የሚለውን በተጫነች ጊዜ ግን ሥራው የሚያልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ቤቱ በ12 ሰዓት ይዘጋልና ቀጠሮው ሊፈጸም አይችልም።

የስሕተቱ ምክንያት የሥራው ርዝመት ሳይታወቅ ሰዓቱ መጠየቁ ነው። ስለዚህ የአገልግሎቱ ገጽ ተነሥቶ በመጀመሪያ ይቀመጣል። ሹሩባ የመረጠችው ደንበኛ የሚታያት ሰዓት ከሁለቱ ሠራተኞች አንዷ በተከታታይ ለ3 ሰዓት ነጻ የሆነችበት ብቻ ነው፤ የመጨረሻውም ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ ይህ እርማት ሦስት ቍራጮችን ከቦታቸው ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ በሰው ስለ መፈተን

ንድፉን ያወጣው ሰው መንገዱን ስለሚያውቅ ጕድለቱን አያይም። ስለዚህ ንድፉን ያላየች አንዲት ደንበኛ ከጠረጴዛው ፊት ትቀመጥና «ለቅዳሜ ጧት ሹሩባ ለመሠራት ቀጠሮ ይያዙ» ትባላለች። አንድ ሰው የስልኩን ቦታ ይይዛል፤ እርስዋ በጣቷ የነካችውን ቍልፍ አይቶ የሚከተለውን ገጽ ከማቅረብ በቀር አንዳች አይናገርም። ሌላው የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። ጣቷ በአየር ላይ የቆመበት፥ ቍልፍ ያልሆነውን የነካችበት፥ ወይም «አሁንሳ ምን ላድርግ?» ያለችበት ስፍራ ንድፉ የጐደለበት ስፍራ ነው። እዚያ ላይ ሊያስረዷት አይገባም፤ መተግበሪያው በሥራ ላይ ሲውል አስረጂ አብሮ አይሄድምና።

በአገራችን በዚህ ፈተና ሊታይ የሚገባው ትልቁ ነገር የሰዓት አቈጣጠር ነው። በገጹ ላይ «3:00» ብቻ ከተጻፈ፥ አንዷ ደንበኛ የጧት 3 ሰዓት ስትል፥ ስልኳ በውጭ አገር አቈጣጠር የሚሠራላት ሌላዋ ከቀኑ 9 ሰዓት መስሏት ልትመጣ ትችላለች። እንግዲህ ቍልፉ «ጧት 3 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፋል፤ በሚጸናበት ገጽ ላይም ከሥሩ በስልኩ የሚታየው «9:00» ይጨመራል። ቀኑም «ቅዳሜ፥ ጥቅምት 8» ተብሎ ከነዕለቱ ቢጻፍ አያሳስትም።

፬ኛ፤ መንገዱ ስለሚዘጋባቸው ስፍራዎች

ቀናውን መንገድ መንደፍ ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣው የተረሳው መመለሻ ነው። ሁለት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያንኑ ሰዓት ነጻ ሆኖ አይተው ሁለቱም ሊመርጡት ይችላሉ። ሁለቱም «ቀጠሮዎ ተይዟል» ከተባሉ፥ ቅዳሜ ጧት አንዷ በሌላዋ ወንበር ፊት ቆማ ትገኛለች። ስለዚህ «አጽና» ከሚለው ቍልፍ ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ፤ አንዱ ሰዓቱ ነጻ ከሆነ ወደ መጨረሻው ገጽ፥ ሁለተኛው «ይህ ሰዓት አሁን ተይዟል» ወደሚል አዲስ ገጽ ይሄዳል። ከዚህም ገጽ የሚወጣው ቀስት ወደ መጀመሪያው ሳይሆን ወደ ሰዓቱ ገጽ ይመራል፤ የመረጠችው አገልግሎትና የጻፈችው ስም እንዳለ ይጠበቅላታል። ሁሉን እንደ ገና የምትጠየቅ ደንበኛ ትታ ትሄዳለችና።

ሁለተኛው ስፍራ ቀጠሮ መሰረዝ ነው። ያችው ደንበኛ «ዓርብ ማታ ታመሙ እንበል፤ ቀጠሮውን ይሰርዙ» በተባለች ጊዜ፥ በተሰጣት ንድፍ ላይ አንድም የሚያደርሳት ቍልፍ አታገኝም። በመጀመሪያው ገጽ «ቀጠሮዬ» የሚል ቍልፍ ይጨመራል፤ የስልክ ቍጥሯን ስትጽፍም ወደዚያው ስልክ የማረጋገጫ ቍጥር ይላካል። ያለዚህ፥ ቍጥሯን የሚያውቅ ሁሉ ቀጠሮዋን ሊሰርዝ ይችላል። ተሰርዞ የተለቀቀውም ሰዓት ወዲያውኑ ለሌላ ደንበኛ እንዲታይ በንድፉ ላይ ይጻፋል፤ ባዶ የዋለ የ3 ሰዓት ወንበር ለባለቤቱ ኪሣራ ነውና።

፭ኛ፤ ወረቀት የማያሳየው

ወረቀት የመንገዱን አካሄድ እንጂ የመሣሪያውን ጠባይ አያሳይም። ፊደሉ በትንሽ ስልክ ላይ መነበቡ፥ ስምን በአማርኛ ፊደል ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ፥ የኢንተርኔቱም ዝግታ የሚታወቁት በስልኩ ላይ ብቻ ነው። በተለይም «አጽና» ተጭና መልስ የዘገየባት ደንበኛ ደግማ መጫኗ ስለማይቀር፥ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ ተነድፎ ከሌሎቹ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ሁለተኛው መጫን ሁለተኛ ቀጠሮ እንዳይሆን ለፕሮግራም ጸሐፊው በግልጽ ይጻፍለታል።

በዚህ ዐይነት የታረመውን ንድፍ ነጋዴው ከነቀስቶቹ ለፕሮግራም ጸሐፊው ያስረክባል፤ ግልባጩንም ከውሉ ጋር ያያይዛል። ሥራው ተፈጽሞ በሚረከብበት ቀን፥ እያንዳንዱን ቀስት በስልኩ ላይ አንድ በአንድ እየተከተለ፥ የታዘዘው ሁሉ መሠራቱን በራሱ ጣት ለማረጋገጥ ይችላል።