ጉጉት ቀስቃሽና አሳሳች የሽፋን ስላይድ ርዕስ፦ «ዊንጌት» የሚለው የሰፈር ስም እንደ ማሳያ

ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ጉጉት የሚነሣው ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚሻው መካከል ያለውን ክፍተት ሲያስተውል መሆኑን አስረድቷል። በማኅበራዊ ገጾች ላይ በተከታታይ ስላይዶች የሚቀርብ ጽሑፍ የሽፋን ርዕስም ስክሮል የሚያደርገውን ጣት የሚያቆመው ይህን ክፍተት በማሳየት ነው።

በጉለሌ ስለሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስያሜ አምስት ስላይድ ያለው ጽሑፍ ሊዘጋጅ ነው እንበል። በቅድሚያ የሚጻፈው ርዕሱ ሳይሆን መልሱ ነው፦ ሰፈሩ የሚጠራው በጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የተሰየመው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር አዲስ አበባ በገባው እንግሊዛዊ መኮንን በኦርድ ዊንጌት ነው።

«ስለ ዊንጌት ያልተነገረው ጉድ!» የሚለው ርዕስ ለዚህ መልስ አይመጥንም። አንባቢው ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም፤ «ጉድ» የተባለውም በአምስቱ ስላይዶች ውስጥ የለም። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ስርጭታቸውን እንደሚቀንስ ያስታወቀው እንዲህ ያሉትን፣ ለመረዳት አስፈላጊ የሆነውን መረጃ የሚደብቁና ይዘቱን የሚያጋንኑ ርዕሶችን ነው።

«አዲስ አበባን ነፃ ያወጣው ሰው ስም በየቀኑ ታክሲ ላይ ይጠራል» የሚለው ግን ይበልጥ ያሳስታል፤ አንዳች የተደበቀ ነገር ያለው አይመስልምና። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ካኒንግሃም አዛዥነት ከተማዋን የያዘው መጋቢት 28 ቀን ሲሆን፣ ይህም ንጉሠ ነገሥቱና ዊንጌት ከመግባታቸው አንድ ወር ገደማ በፊት ነው። አርበኞችም ከታሪኩ ወጥተዋል። የኋለኛው ስላይድ ቢያርመው እንኳ፣ ሽፋኑን ብቻ አይቶ ያለፈው አንባቢ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል።

«ታክሲ ላይ ‹ዊንጌት ወራጅ› ስንል የማንን ስም እየጠራን ነው?» የሚለው ርዕስ አንባቢው ከሚያውቀው ተነሥቶ ስሙ የሰው መሆኑን ይገልጻል፤ የሚያስቀረው የባለስሙን ማንነት ብቻ ነው። ይህም በሁለተኛው ስላይድ ሊመለስ ይገባል። መልሱ እስከ አምስተኛው ቢዘገይ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ አንባቢው እንደተታለለ ይሰማዋል፤ ቀሪዎቹ ስላይዶች መኮንኑ በጎጃም በኩል እንዴት እንደመጣ ሊተርኩ ይችላሉ።

በአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የግሡ ቦታ ነው። ግሥ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ፣ «ዊንጌት ጎጃም ሲደርስ…» ብሎ በነጠብጣብ ማቆም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተቆረጠው ዋናው ድርጊት ስለሆነ ርዕሱ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። በጥያቄ ተውላጠ ስም የተከፈተ ክፍተት ግን ግሡን አያሳጣም።

ርዕሱን ለመፈተን ሽፋኑን ብቻ ያየ ሰው በውስጡ ምን እንደሚጠብቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠየቃል፤ ምላሹም አስቀድሞ ከተጻፈው መልስ ጋር ይነጻጸራል። የተመልካች ቁጥር ይህን ፈተና አይተካም፤ «ጉድ» የሚለውም ርዕስ ብዙ ሰው ሊያስከፍት ይችላልና።