የባንክ መግለጫና የቤት ወጪ

በየወሩ ገንዘባችን ለምን ለምን እንደወጣ ለማወቅ የባንክ ሂሳብ መግለጫውን በ.csv ፋይል አውርዶ በኤክሴል መክፈት ይቻላል። ቀኑ በA፣ መግለጫው በB፣ ወጪው በC ዓምድ ይሁን። የC ቁጥሮች ወደ ግራ ጠርዝ ተጠግተው ከታዩ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ወስዷቸዋልና አይደመሩም፤ በሺህ ቤት ላይ ያለውን ነጠላ ሰረዝ በ Replace ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

ከዚያም በD ዓምድ በእያንዳንዱ መስመር ምግብ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርት እያሉ የወጪውን ዘርፍ መጻፍ፣ በE ደግሞ በ =MONTH(A2) ወሩን ማውጣት ነው። የአንድ ዓመት መግለጫ ከሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 3ኛው ወር ለምግብ የወጣው እንዲህ ይገኛል፦

```
=SUMIFS(C:C,D:D,"ምግብ",E:E,3)
```

ነገር ግን ከሂሳቡ የወጣ ሁሉ ወጪ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ መግለጫ በወሩ 31,000 ብር መውጣቱን ያሳያል እንበል። ከዚህ 8,000 ብሩ ወደ ራሳቸው የቁጠባ ሂሳብ የተዛወረ ነው፤ «ዝውውር» ተብሎ ከድምሩ ሲቀነስ እውነተኛው ወጪ 23,000 ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳስተው በጥሬው የወጣው ገንዘብ ነው። ከ23,000ው 9,000 ብር ከኤቲኤም የወጣ ቢሆን፣ ባንኩ ምን እንደተገዛበት አያውቅም። ሠንጠረዡ ለምግብ 3,000 ብር ብቻ ሲያሳይ፣ እመቤቲቱ የያዘችው ማስታወሻ ከጥሬው 5,500 ለምግብ፣ 2,000 ለትራንስፖርት መዋሉን ይናገራል። ስለዚህ የኤቲኤሙ መስመር በሦስት ይከፈላል፤ የምግቡ ወጪ 8,500 ይሆናል፣ ማስረጃ ያልተገኘለት 1,500 ብርም «ያልታወቀ» ተብሎ በራሱ መስመር ይቀመጣል።