ትምህርት ስድስት፦ የአሠራር መመሪያ አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

የአሠራር መመሪያ ማለት አንድ ሰው ከዚህ በፊት ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ጽሑፉን እያነበበ በትክክል እንዲሠራ የሚያስችል ድርሰት ነው። ትረካ የሆነውን ይነግራል፤ ገለጻ ያለውን ያሳያል፤ መመሪያ ግን አንባቢው የሚያደርገውን በየተራው ያዛል። ስለዚህ የመመሪያ ጥሩነት የሚፈተነው በቃላቱ ውበት ሳይሆን አንባቢው ብቻውን ሆኖ ሥራውን ሲፈጽም ነው።

በዚህ ትምህርት አንድ ጉዳይ ብቻ ይዘን እንመረምራለን። አንዲት መምህርት በአፋር ክልል ዋና ከተማ በሰመራ ትሠራለች። አረጋዊ አባቷ ከዋግ ኽምራ፣ ከዝቋላ ወረዳ መጥተው ከእርሷ ጋር መኖር ጀመሩ። ሰመራ ቆላ ስለሆነች በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። መምህርቷም በአባቷ ክፍል ግድግዳ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ አሰቀለች። እርሷ ቀኑን በትምህርት ቤት ስለምትውል አባቷ መሣሪያውን ብቻቸውን ማብራትና ማጥፋት አለባቸው። አባትየው የአማርኛ ፊደል ቈጥረዋል፤ በሪሞቱ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አያነቡም።

ለ. ከመጻፍ በፊት፦ መሣሪያውንና አንባቢውን ማወቅ

መመሪያ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ይገባዋል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ ሣጥን በቤት ውስጥ፣ ሌላው በውጭ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በቀጭን የመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። የውስጡ ሣጥን የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦዎች መካከል ያሳልፍና እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይነፋዋል። ሙቀቱ በቱቦው ተጕዞ በውጭው ሣጥን በኩል ይወጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚወጣው ሙቀቱ ነው እንጂ አየሩ አይደለም። መሣሪያው ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም።

ቀጥሎ አንባቢው ምን ያውቃል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዝቋላ ሰው የተከዜን ሸለቆ ሙቀት ያውቀዋል። ሙቀት ሲበረታ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ነፋስ ያስገባል። ማቀዝቀዣው ግን የሚጠይቀው ተቃራኒውን ነው፤ በርና መስኮት መዘጋት አለባቸው። ይህ ትእዛዝ የዕድሜ ልክ ልምድን የሚቃወም ስለሆነ ያለ ምክንያት ቢጻፍ አባትየው አይቀበሉት ይሆናል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ነገር አለ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የቡና ከሰል ቢነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትምም። ራስን ያሳምማል፤ ያዞራል፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ማቀዝቀዣው ያንኑ አየር መልሶ መላልሶ ስለሚያዞር ክፍሉ ቢቀዘቅዝም መርዙ አይወጣም። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ ከማናቸውም እርምጃ በፊት መጻፍ አለበት።

ሐ. ደካማ መመሪያ

ከዚህ በታች የተመለከተውን አንቀጽ አንብቡ።

«ማቀዝቀዣውን አብርተው አሠራሩን ካስተካከሉ በኋላ ቅዝቃዜው ሲበዛ ይቀንሱ፤ ሲያንስ ይጨምሩ። በሩም የተዘጋ ይሁን።»

አንቀጹ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢውን ያሳስታል። አንደኛ፣ «አሠራሩን ካስተካከሉ» የሚለው ምን እንደሚነካ አይናገርም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን መዝጋት መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛውና ዋነኛው ስሕተት «ይቀንሱ» የሚለው ግሥ ተሳቢ የሌለው መሆኑ ነው። የሚቀነሰው ቅዝቃዜው ነው ወይስ በሪሞቱ ላይ የሚታየው ቁጥር? ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ቁጥሩ ክፍሉ እንዲደርስበት የሚፈለገው የሙቀት መጠን ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲቀነስ ቅዝቃዜው ይጨምራል። የበረዳቸው አባት ጽሑፉን አምነው ቁጥሩን ቢቀንሱ ይበልጥ ይበርዳቸዋል። እንደገና ቢቀንሱ ደግሞ ይብስባቸዋል።

መ. ጥሩ መመሪያ

መምህርቷ ከመጻፏ በፊት በማብሪያው ቁልፍ ላይ ቀይ ምልክት ለጠፈች። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክቱትን ሁለት ቁልፎች እንዳሉ ትታ የቀሩትን በፕላስተር ሸፈነቻቸው። መሣሪያውንም በማቀዝቀዝ ተግባር ላይ፣ ቁጥሩን በ26 ላይ አደረገችው። ከዚያም በትልልቅ ፊደል የሚከተለውን ጽፋ ከአልጋው አጠገብ ሰቀለችው።

«አባባ፣ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ያንብቡ። ማቀዝቀዣው ሲሠራ በክፍሉ ውስጥ ከሰል አይኑር፤ የከሰል መርዝ ሳይሸት ይገድላል። ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው።

ለማብራት
1. በሩንና መስኮቱን ይዝጉ። ክፍት ከሆኑ የውጭው ሙቀት ይገባል።
2. ሪሞቱን ይያዙና ጫፉን በግድግዳው ላይ ወዳለው ነጭ ሣጥን ያዙሩ።
3. ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭነው ይልቀቁ። «ጢጥ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ የሣጥኑ ክዳን ይከፈታል።
4. የሪሞቱን መስታወት ይመልከቱ። ስድስት ጫፍ ያለው የበረዶ ምልክት ካለ ትክክል ነው። የፀሐይ ምልክት ካዩ ግን መሣሪያው የሚያሞቅ ነውና ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ያጥፉት፤ እኔ ስመጣ አስተካክለዋለሁ።
5. ቁጭ ብለው ይጠብቁ። መጀመሪያ የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይከተላል።

ለማስተካከል
6. ከበረደዎ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ቁጥሩ ከ26 ወደ 27 ይወጣል፤ ቅዝቃዜው ይቀንሳል።
7. ከሞቀዎ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ። ቁጥሩ ከ26 ወደ 25 ይወርዳል፤ ቅዝቃዜው ይጨምራል። ከ24 በታች አያውርዱት።

ለማጥፋት
8. ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭነው ይልቀቁ። ክዳኑ ይዘጋል። እንደገና ለማብራት 3 ደቂቃ ይቆዩ።

መብራት ከሄደ በሩን ይክፈቱ። መብራቱ ሲመለስ ክዳኑን ይመልከቱ። ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ መሣሪያው በራሱ ሠርቷልና በሩን ብቻ ይዝጉ። ክዳኑ ተዘግቶ ከሆነ ከ1 ጀምረው ይሥሩ። በውጭ ባለው ቱቦ ውሃ ቢንጠባጠብ ደኅና ነው። ከነጩ ሣጥን ወደ ክፍሉ ከተንጠባጠበ ግን ያጥፉት።»

ሠ. ማብራሪያ

በመጀመሪያ ብዙዎቹ እርምጃዎች ምልክት እንዳላቸው አስተውሉ። በ3ኛው እርምጃ «ጢጥ» የሚለው ድምፅና የክዳኑ መከፈት፣ በ6ኛው የቁጥሩ መለወጥ ለአንባቢው ምስክር ናቸው። ያለ ምልክት የተጻፈ መመሪያ አንባቢውን ይጠራጠር ዘንድ ይተወዋል፤ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ቀዩን ቁልፍ ደግሞ ይጫናል፤ ያበራውንም ያጠፋዋል።

5ኛውና 8ኛው እርምጃ መጠበቅን የሚያዙት በምክንያት ነው። የውጭው ሣጥን መጭመቂያ ሞተር አለው። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ወዲያው ቢነሣ ስለሚጎዳ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች 3 ደቂቃ ያህል ያዘገዩታል። ይህን የማያውቅ ሰው ቅዝቃዜው ሲዘገይ ተበላሸ ብሎ ቁልፎቹን ይነካካል።

7ኛው እርምጃም ወሰን አበጅቷል። ቁጥሩን እስከ 16 ማውረድ ክፍሉን በፍጥነት የሚያቀዘቅዝ ይመስላል፤ ነገር ግን በተራው መሣሪያ ዘንድ ቁጥሩ መቆሚያውን እንጂ ፍጥነቱን አይወስንም። 16 የታዘዘ መሣሪያ ሳያርፍ ይሠራል፤ መብራትም ይፈጃል፤ አረጋዊውም ከዚያ ክፍል ወጥተው በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲገቡ ሰውነታቸው ይቸገራል።

ረ. ሰዋስው፦ የትእዛዝ አንቀጽ በአንቱታ

የመመሪያ ዋና አንቀጽ የትእዛዝ አንቀጽ ነው። ለቅርብ ሰው ሲሆን ተጫን፣ ተጫኚ፣ ለብዙዎች ሲሆን ተጫኑ እንላለን። ለአባት ግን በአንቱታ ይጫኑ ይባላል። አሉታው አይጫኑ ነው። አይጫኑም ቢባል ትእዛዝነቱ ቀርቶ ወሬ ይሆናል፤ እንዲሁም ይጫናሉ ማለት ይጫኑ ከማለት የተለየ ነው።

ሁለት ድርጊቶች ሲከታተሉ የፊተኛው በቦዝ አንቀጽ ይነገራል፤ «ተጭነው ይልቀቁ» እንደሚለው ነው። «ተጭነው ይጠብቁ» ቢባል ግን ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ ጣትን ሳያነሡ መቆየት ይሆናል፣ ወይም ጣትን አንሥቶ መጠበቅ። መምህርቷ «ይልቀቁ» የሚለውን ቃል የጨመረችው ይህን ጥርጥር ለማስወገድ ነው።

ሰ. መልመጃ

1. በ«ሐ» ላይ ያለውን ደካማ አንቀጽ መጽሐፋችሁን ሳትመለከቱ በአራት እርምጃዎች ጻፉት። ለእያንዳንዱ ግሥ ተሳቢ ስጡት።
2. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ አንቱታ ትእዛዝ ለውጡ፦ ሀ) መስኮቱን ትዘጋለህ። ለ) ከሰሉን አታስገቢም። ሐ) ቁጥሩን ከ24 በታች አታወርድም።
3. የመምህርቷ እናትም ሰመራ መጡ እንበል፤ እኚህ እናት ምንም ዓይነት ፊደል አያነቡም። መመሪያው በቃል ብቻ ሊነገራቸው ነው። ከስምንቱ እርምጃዎች የትኞቹን ታስቀራላችሁ? የትኛውንስ ከቶ አታስቀሩም? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. በቤታችሁ ካለ አንድ መሣሪያ መርጣችሁ ለአንድ አረጋዊ ዘመዳችሁ መመሪያ ጻፉ። ከዚያም ለዘመዳችሁ ሰጥታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጃቸው ያመነታበትን እርምጃ ለይታችሁ ያን ዐረፍተ ነገር ብቻ እንደገና ጻፉት።