መንጃ ፈቃድ ጠፍቶ የመድን ካሳ ሲጠየቅ

መኪናዎ ተጋጭቶ የመድን ካሳ ሊጠይቁ ሲሉ መንጃ ፈቃድዎ ከነቦርሳው ጠፋ እንበል። መድን ድርጅቱ ጉዳዩን እንዲቀጥል የፖሊስ የመጥፋት ማስረጃ ያስፈልግዎታል። ከዚያ በፊት ግን አደጋውን ያሳውቁ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 670 አደጋው መድረሱን ባወቁ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ የፖሊሱን ወረቀት ልጠብቅ ብለው ይህን ጊዜ አያሳልፉ። ሲያሳውቁም መንጃ ፈቃዱ መጥፋቱን ይንገሯቸው፤ የፖሊሱ ደብዳቤ ለየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚጻፍም ይጠይቁ።

ለማስረጃው የሚያመለክቱት መንጃ ፈቃዱ በጠፋበት አካባቢ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ቤትዎ ቤተል ሆኖ ቦርሳው የጠፋው አየር ጤና ታክሲ ተራ ከሆነ፣ የአየር ጤናን አካባቢ ወደሚሸፍነው ጣቢያ ይሂዱ። ታክሲ ውስጥ ከሆነ የት እንደተሳፈሩ፣ የት እንደወረዱ፣ መጥፋቱን የት እንዳወቁ ይናገሩ። ማንነትዎን የሚያሳይ ሌላ ነገር ይያዙ፦ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ ወይም የነዋሪነት መታወቂያ። የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ኮፒ ካለዎት ደግሞ ሥራው ይቀላል፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለና።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ «ነዋሪነቴ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ወረዳ … ሲሆን፣ በቀን … ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በታክሲ ስጓዝ ቁጥሩ … የሆነ መንጃ ፈቃዴ ስለጠፋብኝ፣ ለመድን ካሳ ጥያቄዬ የማቀርበው የመጥፋት ማስረጃ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» ቦርሳውን ተነጥቀው ከሆነ ግን «ጠፋ» አይበሉ። ንጥቂያ ወንጀል ነው፤ ምርመራ ይከፈትበታል፤ በኋላ ቃልዎን ቢቀይሩ መድን ድርጅቱ ይጠራጠራል።

ደብዳቤውን ሲቀበሉ እዚያው ቆመው ያንብቡት። ስምዎ እስከ አያት በመድን ውሉ ላይ ካለው ጋር ይግጠም፤ በአንዱ «ኃይሉ» በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ መጻፉ እንኳ ሊያመላልስዎት ይችላል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ይታይ፤ የመድን ውሉ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ቀን ስለሚጻፍ መንጃ ፈቃዱ ከአደጋው በፊት ይጥፋ በኋላ መለየት ያስቸግራል። የደብዳቤ ቁጥር፣ ፊርማና ማህተም ከሌለው አይውሰዱት። ዋናውን ከማስረከብዎ በፊት ኮፒ ያስቀሩ፤ በዋናው ምትክም ቅርንጫፉ ተቀብያለሁ ብሎ በኮፒው ላይ ይፈርምልዎት።

ፖሊስ የሚያረጋግጠው ጠፋብኝ ብለው ማመልከትዎን ብቻ ነው። መንጃ ፈቃዱ በአደጋው ቀን የጸና መሆኑን አያረጋግጥም፤ መድን ድርጅቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህንን ነው። ስለዚህ የደብዳቤውን ኮፒ ይዘው መንጃ ፈቃዱን ወደ ሰጠዎት የአሽከርካሪ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ምትክ ሲያወጡም የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ አብረው ይጠይቁ።