የዛሬው የዩቲዩብ ቁጥር ለምን ይጎድላል? መቼስ ይጸናል?

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ሥራውን በዩቲዩብ ያስተዋውቃል እንበል። ወሩ ሰኔ ነው። ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲስ ቪዲዮ ይለቃል። ቆይቶ ሲመለከት የቪዲዮው የመጀመሪያ ቀን እይታ ከሌሎቹ እጅግ አንሶ ያገኘዋል። ርዕሱን ልቀይር ወይስ ቪዲዮውን ላንሳው እያለ ይጨነቃል። ቪዲዮው ግን ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ያለው በቁጥሩ አነባበብ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደርስብዎ የሚከተሉትን አምስት ደረጃዎች ይከተሉ።

1. የዩቲዩብ ቀን መቼ እንደሚጀምር ይወቁ

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ቀንን የሚቆጥረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ረፋድ ነው፦ ከመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ረፋድ 4 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ 5 ሰዓት። የሰዓቱ ልዩነት የሚመጣው አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት የተለቀቀው ቪዲዮ በዩቲዩብ አቆጣጠር ገና ማክሰኞ ላይ ነበር። ማክሰኞ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ባለሙያው የሁለት ሰዓት እይታን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከለቀቀው የሌላ ቪዲዮ የ23 ሰዓት እይታ ጋር ነበር ያወዳደረው።

መፍትሔው፣ ቪዲዮዎችን በቀን ሳይሆን በዕድሜያቸው ማወዳደር ነው፤ የዚህኛውን የመጀመሪያ 24 ሰዓት ከዚያኛው የመጀመሪያ 24 ሰዓት ጋር።

2. ሁለቱን ዓይነት ቁጥሮች ይለዩ

በስቱዲዮው ገጽ ላይ Realtime የሚለው ሳጥን ያለፉትን 48 ሰዓታት እይታ ያሳያል። ይህ ፈጣን ግምት ነው፤ ቪዲዮው እየታየ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ይበቃል። ሌሎቹ ሪፖርቶች፣ ማለትም የእይታ ጊዜ፣ የተመልካቹ አገር፣ ዕድሜና ጾታ፣ ተመልካቹ በየት በኩል እንደመጣ የሚያሳዩት፣ ዘግይተው ይደርሳሉ። መረጃው ከብዙ ቦታ ተሰብስቦ ይደመራል፤ እውነተኛ ያልሆኑ እይታዎችም ይጣራሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ባይገጥሙ አይደንግጡ፤ አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅለው ግን አይደምሩ።

3. ቀኑ ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን ይጠብቁ

አብዛኞቹ ሪፖርቶች እስከ ሁለት ቀን ሊዘገዩ ይችላሉ። የዩቲዩብ ማክሰኞ የሚያልቀው በእኛ ረቡዕ ረፋድ ስለሆነ፣ የማክሰኞን ቁጥር አርብ ከሰዓት በኋላ ይያዙ። ሳምንቱን እሑድ ላይ የሚዘጉ ከሆነ ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያንብቡት። የዛሬንና የትናንትን ቀን ከሳምንቱ ድምር ውስጥ አያስገቡ።

4. እውነተኛ መቀነስ መሆኑን ያረጋግጡ

የግራፉ መጨረሻ ብቻ ቁልቁል ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያልደረሰ መረጃ ነው። ለማረጋገጥ የአንድን ቀን እይታ ደብተር ላይ ጽፈው፣ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ያንኑ ቀን እንደገና ይመልከቱ። ቁጥሩ እያደገ ከሄደ ቀኑ ገና አልተዘጋም። ባለበት ከቆመና አሁንም ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ካነሰ፣ መቀነሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ያለብዎ ያኔ ነው። ዩቲዩብ እውነተኛ ያልሆኑ እይታዎችን ቆይቶም ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ የሚታይ ጥቂት ለውጥ አያስደንቅም።

5. ገቢን እስከሚቀጥለው ወር አይቁረጡ

ቻናሉ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ፣ Estimated revenue የሚለው ቁጥር ስሙ እንደሚለው ግምት ነው። ተገቢ ያልሆነ የማስታወቂያ እይታ ሲቀነስ ወይም የባለቤትነት ክርክር ሲፈታ ይስተካከላል። የወሩ የጸና ገቢ የሚታወቀው በቀጣዩ የፈረንጆች ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው።

ሒሳቡን በኢትዮጵያ ወር የሚይዝ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። መስከረም 2018 ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ነው። የሴፕቴምበሩ ክፍል ኦክቶበር ላይ ሲጸና፣ የኦክቶበሩ ክፍል ግን እስከ ኖቬምበር 12፣ ማለትም እስከ ኅዳር 3 ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለሠራተኛ ወይም ለሸሪክ ከገቢው የሚከፈል ድርሻ ካለ፣ ውሉ በፈረንጆች ወር እንዲታሰብና ክፍያው ከቀጣዩ ወር 12 በኋላ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይስማሙ።